መልስ፦ ጋሻው ለምን አስፈራ?

«አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1972 ፀረ ሚሳይላቸውን ለመገደብ ተስማሙ ይላል። ጠላት ሚሳይል ደግኖብህ ጋሻህን ትጥላለህ እንዴ? እዚህ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።»

ጋሻው ይበልጥ የሚጠቅመው ቀድሞ ለሚመታው ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል አንተ 1,000 ሚሳይል አለህ እንበል። ጠላት ድንገት መትቶ 900ውን አወደመብህ። የተረፉት 100 ከተሞቹን ለማጥፋት ስለሚበቁ፣ ይህን የሚያውቅ ጠላት መጀመሪያውኑ አይነካህም። አሁን 90 ሚሳይል የሚያከሽፍ ጋሻ ስጠው። ያ ጋሻ ሙሉውን 1,000 አይመልስም፤ የተረፉትን 100 ግን ወደ 10 ያወርዳቸዋል። ስለዚህ አንተ ወይ ሚሳይል ትጨምራለህ፣ ወይም ውጥረት ሲነሳ «ሳልቀደም ልቅደም» ትላለህ። የተፈራው ይህ ነው።

የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ማክናማራ ይህንኑ በ1967 አሜሪካ ውስጥ ግላስቦሮ በምትባል ከተማ ለሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለኮሲጊን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር፤ ኮሲጊን ግን ራስን መከላከል ምን ጥፋት አለው ብሎ አልተቀበለውም። ኒክሰንና ብሬዥኔቭ በ1972 ሞስኮ ላይ ሲፈርሙ ለየአገሩ ሁለት ቦታ፣ በየቦታው 100 ፀረ ሚሳይል ተፈቀደ። በ1974 ወደ አንድ ቦታ ወረደ። ሶቪየቶች ሞስኮን መረጡ፤ አሜሪካኖች ደግሞ ሰሜን ዳኮታ ያሉትን የሚሳይል ጉድጓዶች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ብዙ የተማሪ ጽሑፍ ሳነብ የማየው ስህተት ነው። የጋራ ጥፋት ዋስትና፣ ማለትም ማንም ቢጀምር ሁለቱም ይጠፋሉ የሚለው ከላይ ያየነው ሐሳብ፣ የጦርነት ዕቅዱ ነበር ብለህ እንዳትጽፍ። በአሜሪካ የኑክሌር ዕቅድ ውስጥ የሚሳይል ጣቢያዎች፣ የአየር ኃይል ሰፈሮችና ሌሎች ወታደራዊ ዒላማዎች ሰፊውን ቦታ ይዘው ቆይተዋል።