ሆቴሉ የቆረጠብህ 2 በመቶ የት ይገባል?

«ባሕር ዳር ጣና ዳር ላለ ሆቴል በ2016 ዓ.ም. የ60,000 ብር የቀለም ሥራ ሠራሁ። 1,200 ብር ቆርጠው ቀሪውን ሰጡኝ። ይህ ገንዘቤ ጠፋ ማለት ነው?»

አልጠፋም። 1,200 ብሩ፣ ማለትም በወቅቱ ይቆረጥ የነበረው 2 በመቶ፣ የዓመቱ የንግድ ትርፍ ግብርህ ቅድመ ክፍያ ነው። ዓመታዊ ግብርህ 4,500 ብር ቢመጣ የምትከፍለው 3,300 ነው። የተቆረጠው ከግብርህ ከበለጠ ደግሞ ብልጫውን ተመላሽ መጠየቅ ትችላለህ።

የሆቴሉ ተቀጣሪዎች ነገር ይለያል። ከደመወዛቸው የሚቆረጠው የሥራ ግብር በየወሩ ሙሉ ሂሳቡ ተሠርቶ ስለሚያልቅ፣ ሌላ ገቢ የሌለው ሠራተኛ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ አያስገባም። ያንተን ግን ሆቴሉ አስልቶ መጨረስ አይችልም፤ ቀለሙን፣ ብሩሹን፣ የረዳቶችህን ክፍያ አያውቅምና። ለዚህ ነው ከጠቅላላው ክፍያ ትንሽ ብቻ የሚቆርጠው።

መንግሥት ይህን መንገድ የሚመርጠው በመቶ የሚቆጠሩ ቀለም ቀቢዎችን ከማሳደድ፣ መዝገብ የሚይዝ አንድ ሆቴልን መቆጣጠር ስለሚቀለው ነው። ሆቴሉ ሳይቆርጥ ቢቀር ዕዳው በራሱ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ አይዘነጋም። ገንዘቡም የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ በየወሩ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን የሆቴሉ ሪፖርት ያንተን ገቢ ለግብር ቢሮው ይነግረዋል፤ 60,000 ብሩን ሳታሳውቅ ብትቀር ይታያል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የቅድመ ግብር ደረሰኙን ሳትይዝ ከሂሳብ ክፍሉ አትውጣ። ስምህንና ቲን ቁጥርህን አሃዝ በአሃዝ አመሳክር። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ በስምህ አይገኝም፣ ሲቀናነስልህም ችግር ይገጥምሃል። ቲን ሳይሰጡ መሥራትማ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ 979/2008 መሠረት 30 በመቶ ያስቆርጥ ነበር።