ጥያቄና መልስ፦ የኦፕሽን ዋጋ ቀመሩ ብላክ-ሾልስ ሩቅ ፑቶችን ለምን ያረክሳል?

ማታ አንባቢ፦ ቀመሩ ከገበያው ጋር የማይገጥመው የት ላይ ነው? በቁጥር ቢያሳዩን?

መላሽ፦ ጎልቶ የሚታየው ስትራይካቸው በጣም ዝቅ ባለ የኢንዴክስ ፑቶች ላይ ነው። ፑት አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ፣ በስትራይኩ፣ የመሸጥ መብት ነው፤ ኮል ደግሞ የመግዛት። ኢንዴክሱ 100 ላይ ነው እንበል፤ ወለዱን ዜሮ አድርጉት። ስትራይኩ 100 ከሆነው ኦፕሽን የሚወጣው ቮላቲሊቲ፣ ማለትም የዋጋው መዋዠቅ መጠን፣ በዓመት 16 በመቶ ነው። ይህ ለሦስት ወር 8 በመቶ ይሆናል። አሁን ሦስት ወር የቀረው፣ ስትራይኩ 80 የሆነ ፑት ውሰዱ። በ16 በመቶ ቀመሩ የሚሰጠው ዋጋ 0.006 ነጥብ ገደማ ነው። ገበያው ግን 0.30 ቢጠይቅ አይገርምም። ከቀመሩ 0.30 ለማውጣት 28 በመቶ ማስገባት ይኖርባችኋል።

ልብ በሉ፤ ኢንዴክሱም አንድ፣ ጊዜውም አንድ ነው። በአንዱ ስትራይክ 16፣ በሌላው 28 ሊዋዥቅ አይችልም። ስለዚህ 28ቱ ትንበያ አይደለም። ቀመሩ የገበያውን ዋጋ እንዲሰጥ የተገደደበት ቁጥር ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦ ችግሩ ቀመሩ ለዋጋው የሚወስደው ስርጭት፣ ሎግኖርማሉ፣ ብቻ ነው። ጭራው ወፍራም የሆነ፣ ማለትም ለትልልቅ ለውጦች የበለጠ ዕድል የሚሰጥ ስርጭት ብንተካ አይበቃም?

መላሽ፦ ግማሹ ልክ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ የአሜሪካው የአክሲዮን ኢንዴክስ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። ቮላቲሊቲው በዓመት 20 በመቶ ቢሆን የአንድ ቀኑ 1.3 በመቶ አካባቢ ነው። ውድቀቱ ከዚያ 15 እጥፍ በላይ ነበር፤ ሎግኖርማል እንዲህ ያለውን ቀን ፈጽሞ አይጠብቅም። ከዚያ በፊት የኢንዴክስ ኦፕሽኖች ቮላቲሊቲ በየስትራይኩ ብዙም አይለያይም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዘንበል ብሎ ቀረ።

ግን ሁለቱም ጭራ እኩል ቢወፍር ሩቅ ኮሎችም እንደ ፑቶቹ ይወደዱ ነበር። በኢንዴክስ ላይ የሚወደደው በዋናነት የታችኛው ወገን ነው። ምክንያቱ ገበያው ሲወርድ ቮላቲሊቲው መጨመሩ ነው። ሄስተን በ1993 ያወጣው ሞዴል ይህን ያስገባል። እሱም ቢሆን ሳምንት ብቻ በቀራቸው ኦፕሽኖች ላይ ይቸገራል፤ በዚያ አጭር ጊዜ ቮላቲሊቲው ብዙ ርቀት አይሄድም። እዚያ ያለውን ቁልቁለት ለማስረዳት የዋጋ ዝላይ ያስፈልጋል፤ ይህን ሜርተን በ1976 ጽፎታል። ዝላይ ደግሞ ሌላም ነገር ያፈርሳል። የቀመሩ ዋጋ የቆመው ኢንዴክሱን እየገዙና እየሸጡ ያለማቋረጥ ሄጅ ማድረግ፣ ማለትም አደጋውን ማካካስ፣ ይቻላል በሚል ነው። ዋጋው ከ100 ወደ 90 ከዘለለ በ95 የሚሸጥላችሁ የለም።

አዲስ ገቢ፦ 28ቱ በመቶ ገበያው የሚጠብቀው መዋዠቅ ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ አይደለም። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሻጩ፦ 0.006 የሚገባው በ0.30 ከተሸጠ 50 እጥፍ ውድ ነው። እኔ ለወራት እየሸጥኩ አተርፍ ነበር። ከዚያ ኢንዴክሱ 80 ሳይደርስ ደላላዬ አቋሜን ዘጋው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም?

መላሽ፦ አይደለም፤ ከቀመሩ ለምን ትነሳለህ? የሸጥከው ፑት ሁለት ወር ሲቀረው ኢንዴክሱ 90 ደረሰ እንበል። ቮላቲሊቲው 28 ላይ ቢቀር ፑቱ 0.76 ያወጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ግን አይቀርም። 35 ከደረሰ ዋጋው 1.40 ይሆናል። 80 ሳይነካ በ0.30 የሸጥከው አራት እጥፍ አለፈ፤ ማስያዣህንም የበላው ይህ ነው። ቮላቲሊቲ ቋሚ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ከኢንዴክሱ መውረድ የሚመጣውን ኪሳራ ብቻ ነው የሚያየው።

ማታ አንባቢ፦ ሻጩ ጨርሶ አልተሳሳተም። የኢንዴክስ ኦፕሽኖች በአማካይ በኋላ ከታየው መዋዠቅ በላይ ነው የሚሸጡት።

ቁጥር ወዳጅ፦ አማካዩ ትልቅ ውድቀት በሌለባቸው ዓመታት ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

መላሽ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ከ0.30ው ስንቱ የውድቀት ዕድል፣ ስንቱ ለሻጩ የሚከፈል የኢንሹራንስ ትርፍ እንደሆነ አልተቋጨም። ትልልቅ ውድቀቶች ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂት ቀን አማካይ አይወጣም። ግን 0.006ን እንደ ትክክለኛ ዋጋ አትያዙ፤ ደግሜ እላለሁ።

ጀማሪው፦ ለአክሲዮን ኮል ስንት ቮላቲሊቲ ላስገባ?

መላሽ፦ የየትኛው አክሲዮን? ስትራይኩ ስንት፣ የሚያበቃውስ መቼ? እነዚህ ሳይኖሩ መልስ የለውም።

ማታ አንባቢ፦ ታዲያ ስህተት ከሆነ ነጋዴዎች ለምን አልጣሉትም?

መላሽ፦ ዋጋ መነጋገሪያ ስለሆነ። «28 ላይ እሸጣለሁ» ማለት ይቀላል። ጣጣው ሄጅ ላይ ነው። ኢንዴክሱ 100 ለቆ 97 ሲገባ 28ቱ ከ80 ስትራይክ ጋር ይቀራል ወይስ ከኢንዴክሱ ጋር ወደ ዝቅተኛ ስትራይክ ይወርዳል? ዴልታው፣ ማለትም ለሄጁ የሚያስፈልገው መጠን፣ እንደ መልሱ ይለያያል፤ ቀመሩም አይነግራችሁም።

ቁጥር ወዳጅ፦ ከስትራይኩ ጋር ይቀራል።

ማታ አንባቢ፦ በተረጋጋ ገበያ ምናልባት። በውድቀት ቀን ግን የ80ው ቮላቲሊቲ ራሱ ሲነሳ አይቻለሁ።

መላሽ፦ በዚያ ቀን እኔም አይቻለሁ። ቁጥር ወዳጅ፣ የየቀኑን ዋጋ አምጣና በስትራይክ ለያይተህ አሳየን።