ሲስተሙ ሲያበዛ መደርደሪያው ሲያሳንስ

«ሲስተሙ 410 ፍሬ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 365 ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርን፣ ያው ነው። ምክንያቱን ከየት ጀምሬ ልፈልግ?»

ወንድሜ፣ ይቺ ነገር እኔን አንድ ጥሩ ሠራተኛ ልታሳጣኝ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. ማስተካከያ ለመሥራት አትቸኩል። አለቃህ «ቀንሰውና ወሩን እንዝጋ» ይልህ ይሆናል። የእኔም አለቃ ብሎኝ ነበር። 72 ፍሬ ቀነስኩ፣ ተፈራረምን፣ ወሩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ወር በዚያው ዕቃ ላይ 60 ጎደለ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ልዩነት በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ፤ መነሻ እንዳይኖረኝ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። ያን ጊዜ ነው ስቶር ኪፐሩን በጥርጣሬ ማየት የጀመርኩት። በሰው ፊትም ተናገርኩት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

2. የልዩነቱን ቁጥር ራሱን እየው። ሌባ ብዙ ጊዜ ልክ ልኩን አይወስድም። ቁጥሩ በገባው ካርቶን ቁጥር እኩል የሚካፈል ከሆነ ግን ችግሩ ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ቆጠራውና ሲስተሙ ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙበትን ቀን ፈለግኩ። ያን ቀን 130 ነበር። ከዚያ ወዲህ የገባውንና የወጣውን ሰነድ አንድ በአንድ አወጣሁ። አንድ ገቢ ብቻ ነበር፣ 12 ካርቶን። ሲስተሙ አንዱን ካርቶን 24 ፍሬ ብሎ አባዝቶ 288 ጨመረ። ወጪው 106 ነበር። 130 ሲደመር 288 ሲቀነስ 106፣ 312 ይመጣል። ሲስተሙም ያለው ይህንኑ ነው። መደርደሪያው ላይ የቆጠርነው 240።

ወጪዎቹን በፊርማ አመሳከርኩ፣ አንድም የተዘለለ የለም። ታዲያ 72ቱ የት ሄደ? ለ12 ካርቶን ሳካፍለው ለያንዳንዱ 6 ደረሰ። የሚቀጥለው ወር 60ስ? ያን ወር የገባው 10 ካርቶን ነው። እንደገና 6! ከወንበሬ ተነሥቼ ሮጥኩ። አንድ ያልተከፈተ ካርቶን ቀደድኩና ቆጠርኩ፣ 18። አቅራቢው ካርቶኑን ከ24 ወደ 18 ቀይሮታል። ሳጥኑ መልኩም ቁመቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ጎኑ ላይ በደቃቅ የተጻፈው ቁጥር ብቻ። ተረካቢው ካርቶን ቆጥሮ ይፈርማል፣ ሲስተሙ ያባዛል፣ ከፍቶ ያየ ሰው የለም።

የሚያናድደው ሌላ ነው። ኢንቮይሱን ለማየት ፋይናንስ ስሄድ «የስቶር ጉድለት እዚያው ስቶር ይፈለግ» ተብዬ ተባረርኩ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ ሲያሳዩኝ 216 ፍሬ ይላል! የከፈሉት በ216 ነው። የእኛ ገቢ ሰነድ 288 እንደሚል አይተው «አይስማማም» ብለው በእርሳስ ጽፈውበት ፋይል ውስጥ ከተውታል። ለእኔ የነገረኝ የለም። አንተ ቀድመህ ኢንቮይሱን ጠይቅ፤ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ።

3. ያንተ 45 በገባው ካርቶን ቁጥር እኩል ከተካፈለልህ አንድ ካርቶን ቅደድና ቁጠር። ካልተካፈለ፣ በልክ 45 የሆነ አንድ የገቢ ሰነድ ፈልግ፤ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይሆናል። እሱም ከሌለ የሚቀራረብ ኮድ ያለው ጎረቤት ዕቃ በ45 ተርፎ እንደሆነ እይ፤ አንዱ ወጥቶ በሌላው ስም ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ቆይ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። የካርቶኑ ነገር የሚሠራው ጉድለቱ ዕቃ በገባ ቁጥር ብቻ የሚጨምር ከሆነ ነው። ምንም ሳይገባ በየሳምንቱ ቁጠረው። ገቢ በሌለበት ሳምንትም እየሰፋ ከሄደ ችግሩ ወጪ በኩል ነው፤ ያለ ሰነድ የሚወጣ፣ በሌላ ዕቃ ስም የሚጻፍ ወይም ተሰብሮ ሳይመዘገብ የሚጣል አለ ማለት ነው። የእኔ ታሪክ እዚያ ላይ አይጠቅምህም።

ወደ እኔ ታሪክ ልመለስ፤ ሁለተኛውን ማስተካከያ የሠራሁት ምክንያቱን ካገኘሁ በኋላ ነው፣ የገቢ ሰነዶቹን ቁጥርና ምክንያቱን ጽፌ። ሲስተማችን ዕቃ የተመዘገበበትን መለኪያ ስለማያስቀይር «ካርቶን 18» የሚል አዲስ መለኪያ ከፈትን። የድሮዎቹ ባለ 24 ካርቶኖች ገና መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ ለየብቻ አስቀመጥናቸው። አሁን ከያንዳንዱ ርክክብ አንድ ካርቶን ይከፈታል፤ ገቢውም በፍሬ ይጻፋል።

ስቶር ኪፐሩን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሰው ፊት ስለተናገርኩት በሰው ፊት። ምንም አላለኝም። በማግስቱ ስገባ ከካርቶኑ ላይ የቀደደውን ጎን የስቶሩ በር ላይ ለጥፎታል፤ 18ቱን በቀይ እስክሪብቶ ከቦታል።