የጉዞ ቦርሳውን ላቁም ወይስ ሥራውን ልዝጋ?

«ሁለት ዓይነት ምርት አለን። አንዱን የሂሳብ ባለሙያችን ኪሳራ ነው ይላል። እሱን ብቻ ላቁም ወይስ ጭራሽ ልዝጋ? ብዘጋስ ሠራተኞቼንና ዱቤ የሰጡኝን ሳልበድል እንዴት ልውጣ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባለሙያው «ኪሳራ» ያለው ቁጥር ውስጥ ምን ምን እንደገባ ጠይቀው። እኔና ሸሪኬ ቦርሳ ስንሰፋ የትምህርት ቤትና የጉዞ ቦርሳ ነበረን። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ አስተካክያቸው ልንገርህ። የጉዞ ቦርሳው በ100 ይሸጣል፤ ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ጎማው፣ ለሰፊው በቦርሳ የሚከፈለውና ማጓጓዣው 80 ይወስዳሉ። 20 ይተርፋል። ባለሙያው ግን ከኪራይ፣ ከጥበቃና ከቢሮ ወጪ 30 ስለጫነበት በወረቀት ላይ 10 ከሰረ። ቦርሳውን ብናቆም ኪራዩ አይቀንስም፣ ጥበቃውም አይቀርም። ያ 30 ዞሮ የትምህርት ቤቱ ቦርሳ ላይ ይወድቃል፤ እኛ የምናጣው 20ውን ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ምርት አይቆምም።

ይልቅ 20ው እውነት መሆኑን መርምር። እኛ የተመላሽ ደብተር ለይተን ስንይዝ ከ100 ቦርሳ 12ቱ ዚፕ ወይም ጎማ ተበላሽቶባቸው ይመለሱ ነበር፤ የአንዱ ጥገና 25 ስለሚፈጅ በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ 3 ይጨምራል። ከ100ው 20 ያህሉ ደግሞ ቀለማቸው ሳይፈለግ ቀርቶ በ60 ነው የሚወጡት፤ ይህም በአማካይ 8 ይቀንሳል። ከ20ው የተረፈው 9 ሆነ። ቀጥሎ የማሽኑን ሰዓት አየን። የጉዞ ቦርሳ 4 ሰዓት ማሽን ይዞ 9 ያስገኛል፣ የትምህርት ቤቱ በ1 ሰዓት 12። ማሽኑ ሥራ ፈቶ የሚውል ቢሆን 9ኙም አይናቅም ነበር። የእኛ ማሽን ግን የትምህርት ቤት ትዕዛዝ ወረፋ እያለበት ነው የተያዘው፤ ስለዚህ የጉዞ ቦርሳውን አቆምን። ያለን ጨርቅ እስኪያልቅ ሰፍተን እንጂ በአንድ ቀን አልነበረም፤ የተቆረጠ ጨርቅ ማንም አይገዛህም።

ኋላ ላይ የትምህርት ቤቱም ቦርሳ ገበያው ሲቀዘቅዝ የመዝጋት ጥያቄ መጣ። እዚህ ላይ ትርፍና ኪሳራውን ተወውና ሌላ ሂሳብ ሥራ፦ ዛሬ ብዘጋ ሁሉንም ዕዳ ከፍዬ እወጣለሁ ወይ? በመዝገባችን ላይ ያለው ንብረት 1,000 ነበር። ማሽኑን ሰው በሚገዛበት ዋጋ፣ ያለቀለትን ዕቃ በቅናሽ፣ ጨርቁን በሲሶ፣ ደንበኞች ያልከፈሉንን የቆየ ዱቤ በግማሽ ስንገምተው 520 ወረደ። የሠራተኛ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ የአቅራቢ ዱቤ፣ የደንበኛ ቀብድና ግብር 430። ዕቃው ተሸጦ ቤቱ እስኪለቀቅ ያለው ኪራይና ጥበቃ ሌላ 30። የቀረን 60 ሲሆን በየወሩ የምንከስረው ደግሞ 40 ነው። ከወር ተኩል በኋላ የምንሠራው በሰፊዎቹና በጨርቅ ነጋዴው ገንዘብ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚዘጋው ግን ባንክ ያለው ብር ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፣ ምክንያቱም የስንብት ክፍያ ሥራው እየሄደ ሳለ ባንክ ሂሳብህ ላይ አይታይም።

ሂሳቡ ከዜሮ በታች ከወጣ ግን በራስህ እያከፋፈልክ አትዝጋ፤ የኪሳራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዝ። ዕዳህን ሁሉ መክፈልህ ሲያጠራጥር ለአማችህ ወይም ለወዳጅህ አስቀድመህ የከፈልከውን ፍርድ ቤት ሊያስመልሰው የሚችልባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ማሽኑ ለባንክ መያዣ ከሆነ ከሽያጩ ቀድሞ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ባንኩ ነው፣ ስለዚህ ያንን ገንዘብ ለደመወዝ አትቁጠረው። ለብድሩ በግልህ ዋስ ሆነህ ከፈረምክም ድርጅቱ ቢዘጋ ዕዳው ቤትህ ድረስ ይከተልሃል።

ውሳኔው ከተቆረጠ በዚያው ቀን ቀብድ መቀበልና በዱቤ ጨርቅ ማንሳት ይቁም። ለእኔ መበደል ማለት ከዚያ በኋላም መቀበልና ማንሳት ነው፤ መክሰርማ ማንም ላይ ይደርሳል። ለሠራተኞች ሁሉንም ሰብስበህ በአንድ ጊዜ ንገር፣ የመጨረሻውን ቀንና የእያንዳንዱን ሂሳብ በወረቀት ስጣቸው። ለፎርማኑ ብቻ ቀድመህ ከነገርክ ወሬው በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ ጎበዞቹም ትዕዛዙን ሳትጨርስ ይሄዱብሃል። እስከ መጨረሻው ለሚቆዩት ትንሽ ጭማሪ መድበንላቸው ነበር፤ ያለ እነሱ የተጀመረው ትዕዛዝ ቀብድ ወደ መመለስ ይሄድ ነበር። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውንም ማኅተሙ በእጅህ እያለ ጻፍላቸው።

ዋስትና ያልጨረሱ ቦርሳዎች አሉ። የተረፈውን ዚፕና ጎማ ለአንድ ጠጋኝ ሰጥተን፣ የሚመጣውን እንዲጠግን አስቀድመን ከፈልነው።

ቁልፉን አስረክበህ የንግድ ፈቃዱን ሳትመልስ እንዳትቀር። የግብር መዝገቡ ካልተዘጋ፣ ምንም ባትሸጥም ሂሳብ አላሳወቅክም ተብሎ ቅጣት ሊጠራቀምብህ ይችላል። ክሊራንሱን ይዘህ ደብተሮቹን ሕጉ እስከሚያዝህ ዓመት አስቀምጣቸው።