ፔቲ ካሹ 180 ብር ጎደለ

«ፔቲ ካሻችን 5,000 ብር ነው። ቫውቸሮቹ 3,640፣ በእጅ ያለው 1,180። 180 ብር የት ልፈልግ?»

እያንዳንዱን ቫውቸር ከደረሰኙ ጋር ያስተያዩ። አሃዝ ሲገላበጥ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፤ 180ም ለ9 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል መጀመሪያ የምጠረጥረው የተገላበጠ አሃዝ ነው። የ420 ብር ደረሰኝ ቫውቸሩ ላይ 240 ተብሎ ከተጻፈ ጉድለቱ ልክ 180 ይሆናል። ካገኙት ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዘው ያርሙና ያጸደቀው ሰው ይፈርምበት።

ከሌለ ቫውቸር ያልተቆረጠለት ወጪ ይፈልጉ፤ ተላላኪው ለገሃር ደርሶ ሲመለስ የከፈለው ታክሲ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እዚያም ካጡት 180ውን በኃላፊ ፊርማ የካሽ ጉድለት ብለው ይመዝግቡ። በየትኛውም መንገድ የሚተካው 3,820 ነው።

ከኪስዎ ግን አይሙሉ። እኔ አንዴ ሞላሁ፤ በሳምንቱ የጠፋው ደረሰኝ ከሹፌሩ መኪና ሲገኝ፣ ገንዘቡ የእኔ መሆኑን የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም።