ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር በድርሰትና በማስታወቂያ

«መምህሬ ድርሰቴ ላይ ዓረፍተ ነገሩ አልተሟላም ብለው ነጥብ ቀነሱብኝ፤ ማስታወቂያ ላይ ግን እንዲህ ያለው ሞልቷል። ለምን?»

ብዙ ጊዜ ተማሪ የሚሳሳተው ምክንያት ሲገልጽ ነው። «የመንዝ ገበሬዎች በግ ያረባሉ። ምክንያቱም አገሩ ደጋ ስለሆነ።» በሚለው ውስጥ «ስለሆነ» ጥገኛ ግስ በመሆኑ፣ ከአራት ነጥቡ በኋላ ያለው ሐሳብ ማሰሪያ አንቀጽ አጥቶ ተንጠልጥሏል። «ምክንያቱም አገሩ ደጋ ነው» ቢሉ ወይም «አገሩ ደጋ ስለሆነ የመንዝ ገበሬዎች በግ ያረባሉ» ብለው ቢያያይዙት ይቃናል። ድርሰት ክርክር ነውና የትኛው ሐሳብ የትኛውን እንደሚደግፍ ጸሐፊው ራሱ ማሰር አለበት።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባና የሚሸጥ ነጋዴ ግን ከፎቶው ሥር «የመንዝ ባና። ለደጋ ብርድ።» ብሎ ቢጽፍ ይሠራለታል፤ ዕቃው ስለሚታይ የጎደለውን ግስ አንባቢው ያለ ችግር ይሞላዋል። «ከበግ ጸጉር ተሠርቶ።» ቢል ግን ቦዝ አንቀጹ ቀጣይ ግስ ስለሚያስጠብቅ፣ ጽሑፉ የተቆረጠ ይመስላል። የሽያጭ ውል ሲመጣ ደግሞ ማሳጠሩ በእኔ እምነት ጎጂ ነው፤ «ሁለት ለገዛ ቅናሽ» የሚለው ቅናሹ በሁለቱም ላይ ይሁን በአንዱ ስለማይለይ፣ ገዢና ሻጭን ያጨቃጭቃል።