35 ዩሮ ወይስ 145? ለትምህርት ጀርመን ለምትሄዱ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ለማስተርስ ወደ ጀርመን የምትሄድ ልጅ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «አንዱ የግል የጤና መድን በወር 35 ዩሮ ነው፣ ሌላው የሕዝብ መድን 145። ሁለቱም ለቪዛ ይሆናሉ ተባልኩ። ታዲያ ውዱን ለምን እገዛለሁ?» ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ብር ሲመነዘር ቤት ያስተዳድራል። ከዓመታት በፊት ግን ሌላ ተማሪ ይህንኑ ጠይቃኝ «መድን ከሆነ ያው ነው» ብዬ መልሼላት ነበር። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ያቺ ልጅ ርካሹን መድን አዲስ አበባ ሳለች በኢንተርኔት ገዛች። ጀርመን ስትደርስ ዩኒቨርሲቲው ከሕዝብ መድን ድርጅት፣ እነሱ ክራንከንካሰ ከሚሉት፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚላክ ማረጋገጫ ጠየቀ። የግል መድን ያለው ተማሪም ቢሆን ማረጋገጫውን የሚያገኘው ከሕዝቡ ድርጅት ነው። ሄደች፤ አንድ ገጽ ቅጽ ሰጧት፣ ፈረመች፣ ተመዘገበች። የፈረመችው ወረቀት በፍራዩንግ ይባላል፤ ከሕዝብ መድን ግዴታ ነጻ አድርጉኝ የሚል ማመልከቻ ነው። እሷ «አሁን ገንዘብ የለኝም፣ ሥራ ሳገኝ እቀይራለሁ» ብላ ነበር። ሕጉ ግን ይህን ማመልከቻ መሻር አይፈቅድም። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚሠራ የተማሪ ሥራ ብታገኝም አይመልሳትም። በተማሪነት እስካለች ድረስ በሩ ተዘግቷል፤ የሚከፈተው ተመርቃ መደበኛ ሥራ ስትይዝ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ያማት ጀመር። ሐኪሙ አይቶ ሥሩ ታክሞ፣ ማለትም ሩት ካናል ተሠርቶለት፣ ክራውን የሚባል የጥርስ ቆብ ቢደረግለት ይተርፋል አላት። ውሏን አወጣች። የጥርስ ክፍሉ ሁለት መስመር ነው፦ «ሕመም የሚያስታግስ ሕክምና እና ቀላል ሙሌት»። ክራውን የለም። ሩት ካናሉንስ ብላ ስትጠይቅ ድርጅቱ ከአገር ቤት የጥርስ ሐኪሟ ማስረጃ እንድታመጣ ጻፈላት። ጥርሱ አዲስ አበባ ተሞልቶ ስለነበር ችግሩ ከውሉ በፊት የነበረ ነው ብለው አልከፍልም አሉ። ርካሽ ውሎች ብዙ ጊዜ የሚያመልጡት በዚህ ቀዳዳ ነው፤ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም ይላሉ፣ አልነበረም ብሎ የማስረዳቱን ጣጣ ግን ለተማሪው ይተዉለታል። እንደ እኛ ጥርስ ካላመመ ሐኪም ዘንድ ለማይሄድ ሰው ይህ ክፉ አንቀጽ ነው። አስነቀለችው። መንቀሉን ውሉ ከፈለ።

ክረምቱ መጣ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ ይመሻል። እንቅልፍ አጣች፣ ክፍል መሄድ ተወች፣ ስልክ አታነሳም። ውሉ ላይ ያለው ቃል «ሳይኮቴራፒ አይሸፈንም» ነበር። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ያው ጥርስ በሕዝብ መድን ሥር ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ልንገራችሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሩት ካናሉ በመድኑ ይሸፈን እንደሆነ ያያል። የመንጋጋ ጥርስ ላይ ሁልጊዜ አይሸፈንም፤ የጥርሱ ረድፍ ያለ ክፍተት የሚጠበቅ ከሆነ ግን ይሸፈናል። የእሷ ረድፍ ሙሉ ስለነበር ያልፍላት ነበር። ለክራውኑ ደግሞ ሐኪሙ የሕክምናና የወጪ ዕቅድ አውጥቶ ወደ ክራንከንካሰው ይልካል፤ የዕቅዱ ስም ሃይል ኡንድ ኮስተንፕላን ነው። መድኑ የሚከፍለው መደበኛ ሕክምና ተብሎ የተወሰነውን ዋጋ 60 በመቶ ነው። ለመንጋጋ ጥርስ መደበኛው ነጭ ልባስ የሌለው የብረት ክራውን ነው፤ ነጭ ሴራሚክ የፈለገ ልዩነቱን ከኪሱ ይጨምራል።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሄርተፋል የሚባል ደንብ አለ፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መድኑ የቀረውን 40 በመቶ ጨምሮ መደበኛውን ሕክምና መቶ በመቶ ይከፍላል። በ2025 ብቻውን ለሚኖር ሰው ጣሪያው በወር 1,498 ዩሮ ገቢ ነበር። ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የምታስገቡት ገንዘብ በወር 992 ዩሮ ነው የሚለቀቅላችሁ። ስለዚህ አብዛኛው አበሻ ተማሪ ከጣሪያው በታች ነው፤ ባለትዳር ከሆናችሁ የትዳር ጓደኛ ገቢም ይቆጠራል።

ለስሌት እንዲመቸን መደበኛው ክራውን 400 ዩሮ ነው እንበል። ያለ ሄርተፋል መድኑ 240 ከፍሎ 160 በእናንተ ላይ ይቀራል። በሄርተፋል ምንም አይቀርም። ሴራሚኩ 700 ከሆነና እሱን ከመረጣችሁ፣ በሄርተፋልም ቢሆን 300 ትከፍላላችሁ፤ መድኑ ከመደበኛው ዋጋ አያልፍም። ሐኪሙ ሴራሚኩን አስቀድሞ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ «መደበኛውን ነው የምፈልገው፣ ሄርተፋል አመለክታለሁ» በሉት። ከዚያ ክራንከንካሰው ቅጹን ይሰጣችኋል፤ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደመወዝ ካለ ወረቀቱን፣ የተማሪነት ማስረጃ አያይዛችሁ ትመልሳላችሁ። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይመጣ ጥርሱ እንዳይጀመር። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሕክምናው አልቆ ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ላያገኝ ይችላል።

ቦኑስሄፍት የምትባል ትንሽ ደብተርም አለች። በዓመት አንዴ ለምርመራ ስትሄዱ ሐኪሙ ማኅተም ያደርግባታል፣ ምርመራው ነጻ ነው። አምስት ዓመት ያልተቋረጠ ማኅተም 60ውን ወደ 70 በመቶ፣ አሥር ዓመት ወደ 75 ያደርሰዋል። ትምህርታችሁ ሁለት ዓመት ቢሆንም ተቀብላችሁ ጀምሩ፤ ብዙዎቻችሁ እዚያው ትቀራላችሁና። የጥርስ እጥበት ግን መድኑ በመሠረቱ አይከፍልም፤ ጥርስ ላይ የደነደነውን ቆሻሻ በዓመት አንዴ መጥረግን ብቻ ነው የሚከፍለው። ሁለቱን ለዩ፣ ካልሆነ መቶ ዩሮ አካባቢ ሒሳብ ይመጣባችኋል።

ስለ ክረምቱ ልመለስ።

የዛሬ ልጆች ስለ ድባቴና ጭንቀት ከእኛ በተሻለ አፍ አውጥታችሁ ትናገራላችሁ፤ ይህን እወድላችኋለሁ። ነገር ግን ለቴሌግራም ቡድን የምትናገሩትን ለሐኪም አትናገሩም። ጀርመን ውስጥ ወደ ሳይኮቴራፒስት ለመሄድ ከጠቅላላ ሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግም። የሐኪም ቀጠሮ አገልግሎት በሆነው 116117 ላይ ደውላችሁ ወይም በድረ ገጻቸው ገብታችሁ የመጀመሪያ ውይይት ቀጠሮ ትጠይቃላችሁ፤ ሽፕሬኽሽቱንደ ይሉታል። ቀጠሮውን በአራት ሳምንት ውስጥ እንዲፈልጉላችሁ ይገደዳሉ። ከውይይቱ በኋላ ፔ ቴ ፋው 11 የሚባል ቅጽ ይሰጣችኋል፤ ምን እንደተገኘና ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚመከር የተጻፈበት ነው። ይህን ወረቀት እንደ ፓስፖርት ያዙት። አስቸኳይ ከተባለ ቅጹ ላይ የቀጠሮ ኮድ ይኖራል፤ በእሱ ለአስቸኳይ ሕክምና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታ ይፈለግላችኋል። መደበኛው ሕክምና ከሁለት እስከ አራት የመተዋወቂያ ጊዜያት ይጀምርና 12 ክፍለ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ካስፈለገ ሌላ 12። ተማሪው ምንም አይከፍልም።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ውይይት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታ ማግኘት ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ስትደውሉ ማስታወሻ ያዙ፦ ቀን፣ የቴራፒስቱ ስም፣ የተባለው የመጠበቂያ ጊዜ። ከአምስት እስከ አሥር እምቢታ ሲሰበሰብ፣ ከፔ ቴ ፋው 11 ጋር አያይዛችሁ ለክራንከንካሰው ታመለክታላችሁ፤ ከሕዝብ መድን ጋር ውል የሌለው፣ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ዘንድ እንድትታከሙና ወጪው እንዲመለስላችሁ። ኮስተንኤርሽታቱንግ ይባላል። የመጀመሪያው መልስ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይቻላል። እንደ ጥርሱ ሁሉ፣ ፈቃድ ሳይመጣ የተጀመረው አይከፈልም።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ፍለጋው ላይ ሐኪሙ የሚናገረውን ቋንቋ መምረጥ ይቻላል፤ በእንግሊዝኛ የሚያክሙ በትልልቅ ከተሞች አሉ። አስተርጓሚ ግን መድኑ አይከፍልም። ሕመማችሁን በጓደኛ አስተርጓሚነት ከማውራት በደካማ እንግሊዝኛም ቢሆን ብቻችሁን ብታወሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ቴራፒስቱ ምስጢር ካወጣ በወንጀል ይጠየቃል፤ ዩኒቨርሲቲውም ሆነ የቪዛ ቢሮው ከእሱ ምንም አይሰማም። አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም፦ ኋላ የግል መድን ወይም የሥራ ችሎታ ማጣት መድን ስትገዙ ያለፈ ሕክምናችሁን ይጠይቋችኋል፣ መዋሸትም አይቻልም። በዚህ ብላችሁ ሕክምና አትተዉ።

ቦታ እስክታገኙ ድረስ ሽቱዲረንደንቨርክ የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት የሥነ ልቦና ምክር አለው፤ በአብዛኛው ነጻ ነው፣ የመድን ካርድም አይጠይቅም። ያቺ ልጅ በመጨረሻ የተረፈችው በእሱ ነው፤ ርካሹ ውል በሩን ቢዘጋባትም፣ እዚያ ምን ዓይነት መድን እንደያዘች ማንም አልጠየቃትም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 112 ይደወላል ወይም ቀጥታ ወደ ሳይካትሪ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ሌሊት ሰው ለማነጋገር 0800 1110111 በነጻ ይሠራል።

የግሉን መድን በፍጹም አትንኩ ማለቴ ይመስላችሁ ይሆናል። ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ግን አለ። የሕዝቡ መድን የተማሪ ዋጋ 30 ዓመት እስኪሞላ ነው፤ ለቋንቋ ኮርስ ብቻ የሄደና ያለ ሥራ ውል ዶክትሬት የሚሠራም አያገኘውም። እነዚህ ሰዎች የግል ሲገዙ ሦስት ቦታ ብቻ ያንብቡ፦ በፊት የነበረ ሕመምን የሚመለከተውን አንቀጽ፣ የጥርስ ጣሪያውን በዩሮ፣ «ሳይኮቴራፒ» የሚለው ቃል በሚሸፈነው በኩል ይሁን በማይሸፈነው በኩል። የቋንቋ ኮርስ ላይ ያላችሁ ዲግሪውን የምትጀምሩበት ቀን ልብ በሉ፤ ያኔ ከ30 በታች ከሆናችሁ የሕዝቡ መድን በር ይከፈታል። የግሉን ከዚያ ቀን በፊት እንዲያበቃ አድርጉ፣ በፍራዩንግ የሚል ወረቀት ከቀረበላችሁም አትፈርሙ። ማመልከቻው የሦስት ወር ጊዜ ስላለው በዚያኑ ቀን ፈርሙ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡና አንብቡት።